«ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉህ የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠየቁህም

ጥያቄ፦ «በ2015 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌያችን ባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ቀርቤ ሦስቱም ላይ መጀመሪያ ‹እስኪ ስለ ራስህ ንገረን› አሉኝ። ባለፈው ገና ሃይስኩል ላይ ሳልደርስ ‹እሺ፣ ይበቃል› ብለው አቋረጡኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ፍኖተ ሰላም አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ለሒሳብ ሠራተኛነት ጠርቶኛል። ሕይወቴን በሁለት ደቂቃ እንዴት ልጨርሰው?»

መልስ፦ ሕይወትህን እንድትጨርሰው ማንም አልጠየቀህም። ጊዜ ስላጠረህም አይደለም የተቋረጥከው። አሥር ደቂቃ ቢሰጡህም እዚያው ነበር የምትቀረው፤ ያልተጠየቅከውን ነው ስትመልስ የነበርከው።

እኛ አገር ሁለት ዓይነት «ማን ነህ?» አለ። አንዱ የሠርግና የለቅሶ ቤቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው «አንተ ልጅ፣ የማን ነህ?» ይሉሃል። መልሱ የአባትህ ስም፣ የአያትህ ስም፣ ቀበሌህ ነው። «አሃ! እናትህ የደንበጫዋ አይደለች?» ይሉና ነገሩ ያልቃል። ከልጅነትህ ጀምሮ የለመድከው መልስ ይህ ስለሆነ፣ ሰው ፊት ቆመህ ስለ ራስህ ስትጠየቅ አፍህ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ይሄዳል።

ሁለተኛው የቅኔ ቤቱ ነው። አጎቴ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። አዲስ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ሲመጣ የኔታ ስለ አባቱ በሬ አይጠይቁትም ይሉኝ ነበር። ጥያቄው «ከማን ተማርክ? የት ደርሰሃል?» ነው። ተማሪው «እገሌ ጋ ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ቆጥሬ ዋዜማ ላይ ነኝ» ካለ በቃ። የኔታ ከየትኞቹ ልጆች ጋር እንደሚያስቀምጡት ያውቃሉ። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፤ «እስኪ አንድ ዋዜማ በል»።

የሥራ ቃለ መጠይቅ ይህ ሁለተኛው ነው። አንተ የሽማግሌውን መልስ ለየኔታ እየሰጠህ ነው።

ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ ልንገርህ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ብዙ ዓመት ቀጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ሰው እንሆናለን። አንዱ የሰው ሀብት ነው፣ አንዱ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ኃላፊ ነው፣ ሌሎቹ ተወክለው የመጡ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው አይተናል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችን የአንተን ሲቪ ቀድሞ ያነበበው አንድ ሰው ቢሆን ነው። ሌሎቻችን «ስለ ራስህ ንገረን» ብለን አንተ ስትጀምር ወረቀትህን መግለጥ እንጀምራለን። ዓይናችን ወረቀቱ ላይ፣ ጆሯችን አንተ ጋ ነው። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀጥለን ምን እንጠይቅህ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው መልስህ ሁለተኛውን ጥያቄ ይወልዳል። «የተወለድኩት ደጋ ዳሞት ነው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነኝ፣ አንደኛ ደረጃን…» እያልክ ከቀጠልክ የምንይዘው ነገር የለም። ስለዚህ የክፍሉ ኃላፊ ከኪሱ ያመጣትን ጥያቄ ይመዛል። እሷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ናት። ስለ ሠራኸው ሥራ ተናግረህ ካቆምክ ግን ሰው ነንና የሰማነውን ነገር እንጠይቃለን። የሚጠየቀው ነገር አንተ የምታውቀው፣ ገብተህ የወጣህበት ይሆናል።

ጥያቄያቸው አስቀድሞ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የሚቀርብበት መሥሪያ ቤትም አለ። እዚያ ሁለተኛውን ጥያቄ አትመራውም። ግን የታተሙት ጥያቄዎች ላይም «ይህን ነገር አስረዳን» ማለት አይቀርም፤ ያኔ አፍህ ላይ የተዘጋጀ ነገር ይኖርሃል።

አሁን ወደ አንተ መልስ። ሦስት ክፍል ይበቃዋል። መጀመሪያ አሁን ምን እንደሆንክና የት እንደደረስክ፣ ይህ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። ቀጥሎ የሠራኸው አንድ ሥራ፣ ከቅርብ የታየ፣ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ። መጨረሻ ላይ ለምን እዚህ ቦታ እንዳመለከትክ፣ እሱም ሃያ ሰከንድ። ድምሩ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ሁለት ደቂቃው ጣሪያ ነው፤ የግድ የምትሞላው አይደለም።

መካከለኛው ክፍል ላይ ነው ሁሉም ሰው የሚወድቀው። ምክንያቱም ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን አድገናል። ስለዚህ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ ደግሞ ከሲቪ ላይ ያጠናነውን ቅጽል እናወርዳለን፤ «ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ»። ይህን ከአንተ በፊት የገቡት አሥራ አራቱም ብለውታል። ሌላው ደግሞ «እኛ» ነው። «ቆጠራ አካሄድን፣ ሒሳብ ዘጋን» ትላለህ። ጨዋነት መስሎህ ነው። ኮሚቴው ግን «እሺ፣ አንተስ የት ነበርክ?» ይላል በሆዱ። መፍትሔው ጉራ አይደለም። ግሱን በራስህ ስም መናገር ነው። «ጎበዝ ነኝ» አትበል፤ «ቆጠርኩ፣ አመሳከርኩ፣ አገኘሁት» በል። ይህ ውዳሴ አይደለም፣ የሆነውን መናገር ነው። ጎበዝ መሆን አለመሆንህን እነሱ ይፍረዱ።

እኔ አንተን ብሆን ፍኖተ ሰላም ላይ እንዲህ እል ነበር፤

«እገሌ እባላለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በ2015 ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም ያኔውኑ አልፌያለሁ። ከዚያ ጀምሮ ቀበሌያችን ባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ።

«እዚያ ዋናው ሥራዬ የማዳበሪያ ገቢና ወጪ ነው። አምና ሰኔ 30 መጋዘኑ ተቆጥሮ ከመጋዘን ጠባቂው ካርድ ጋር ሳስተያየው 14 ኩንታል ዩሪያ ጎደለ። ብዙ ሰው ስርቆት ነው ብሎ ደመደመ። እኔ የወጪ ደረሰኞቹን በተራ ቁጥራቸው ደርድሬ አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ በአንድ ጊዜ ሲሠራበት ነበር፤ የሁለተኛው ጥራዝ ዘጠኝ ደረሰኝ ካርዱ ላይ አልሰፈረም። ስናሰፍረው ልዩነቱ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጥራዝ ሳያልቅ ሌላ እንዳይከፈት ሐሳብ አቀረብኩ፣ ኮሚቴው ተቀበለው። ቆጠራውንም አሁን በየወሩ አደርጋለሁ።

«እናንተ ጋ ያመለከትኩት ማኅበራችን ማዳበሪያ የሚረከበው ከዩኒየን ስለሆነ ነው። ሥራውን እስካሁን የማውቀው ከታች በኩል ነው፤ የብዙ ማኅበራት ሒሳብ አንድ ቦታ ሲመጣ መሥራት እፈልጋለሁ። በኤክሴል እሠራለሁ። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ተምሬዋለሁ፣ ሥራ ላይ ግን ገና አልተጠቀምኩበትም።»

እዚህ ላይ ቁም።

ቁጥሮቹንና ታሪኩን እኔ ነኝ የሞላሁት፤ ለምሳሌ ነው። አንተ የራስህን አስገባ። አደራ፣ የሌለህን ቁጥር እንዳትፈጥር። ኮሚቴው ውስጥ መጋዘን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ዩኒየን ደግሞ አያጣም፣ «14 ኩንታል ስንት ጆንያ ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። ጆንያው 50 ኪሎ ነው፣ 28 ጆንያ ማለት ነው። የኖርክበት ከሆነ ሳታስብ ትመልሳለህ። የፈጠርከው ከሆነ ዓይንህ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ እሱን ደግሞ አምስታችንም እናየዋለን።

አሁን መልሱን መልሰህ እየው። የመካከሉ ታሪክ የተመረጠው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። ዩኒየኑ የሚቀጥርህ በትክክል ለዚህ ዓይነት ሥራ ስለሆነ ነው፤ ደረሰኝ፣ ካርድ፣ ቆጠራ፣ ልዩነት። ያመለከትከው ባንክ ቢሆን ኖሮ ይህን ትቼ ስለ አባላት ቁጠባና ብድር መዝገብ አወራ ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከመምረጥህ በፊት የሥራ ማስታወቂያውን አውጣና «ተግባርና ኃላፊነት» የሚለውን አንብብ። ከዚያ ውስጥ አንዱን በእጅህ ሠርተኸው ከሆነ ታሪክህ እሱ ነው።

ሌላው፣ ታሪኩ የሚጠየቅ ቦታ አለው። «ስርቆት አለመሆኑን በምን አወቅህ?» ማለታቸው አይቀርም። «ሁለተኛ ጥራዝ ማን ከፈተው?» ሊሉም ይችላሉ። ለሁለቱም መልስህን አዘጋጅ። ጥራዙን የከፈተውን ሰው ግን ስሙን አትጥራ፣ አትውቀሰውም። «በማዳበሪያ ወቅት ሰልፉ ሲበዛ ሥራውን ለማፍጠን ተከፈተ» ብለህ እለፍ። የሥራ ባልደረባውን ቃለ መጠይቅ ላይ የሚከስ ሰው ነገ እኛንም ይከሰናል ብለን ነው የምናስበው።

የፒችትሪን ነገር ብዙ ልጆች «ለምን ድክመቴን ራሴ አወጣለሁ?» ይሉኛል። ማስታወቂያው ፒችትሪ የሚጠይቅ ከሆነ መውጣቱ አይቀርም። አንተ ስትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እነሱ ሲያገኙት ግን ሦስት ጥያቄ ይሆናል። ማስታወቂያው ካልጠየቀው ተወው፣ አታንሳው።

ከመልሱ የወጣውንም ተመልከት። የትውልድ ቦታ የለም፣ የወንድም እህት ብዛት የለም፣ ሃይስኩል የለም። ትዳር፣ ሃይማኖት፣ ብሔር የለም። እነዚህ ሥራውን ለመሥራት አይረዱህም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳትፈልገው ወገን ያስለይብሃል። ውጤትህ ጥሩ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ በአንድ ቃል ጨምረው፤ ካልሆነ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ይበቃል። ሥራ ያልነበረህ ጊዜ ካለም በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፈው፣ አታልቅስበት። የአገሩን ሁኔታ ጠያቂዎቹም ያውቁታል።

ልምድ የሌለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለህ፣ ለዜሮ ዓመት የሚወዳደር ማለቴ ነው፣ የመካከሉን ክፍል ከመመረቂያ ጥናቱ ወይም ከኢንተርንሺፑ ያውጣ። የአባቱ ሱቅ ውስጥ የዱቤ ደብተር ይዞ ከነበረ እሱም ይሆናል። ዱቤውን እንዴት እንደመዘገበ፣ ያልከፈለውን በምን እንደለየ በቁጥር ከተናገረ፣ «የአካውንቲንግ መርሆችን በሚገባ ተረድቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ይሰማል።

ስለ ጊዜው። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። ረጋ ብለህ ስትናገር በደቂቃ 100 ቃል አካባቢ ነው የምትሄደው፤ አንዱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ 150 ቃል የጻፍክ እንደሆነ አንድ ተኩል ደቂቃ ሆነልህ። ግን በጽሑፍ አትለማመደው። ቃል በቃል የተጠና መልስ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ድምፁ ልክ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ አንዷ ቃል ከጠፋች ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል። አራት ቃል ብቻ ወረቀት ላይ ጻፍ፤ ማርቆስ፣ ዩሪያ፣ ጥራዝ፣ ዩኒየን። እነሱን እያየህ ስልክህ ላይ ቅረጽ። በየጊዜው ቃላቱ ትንሽ ይለያያሉ፣ እንደዚያ ነው የሚፈለገው።

የቀረጽከውን ስትሰማ ሁለት ነገር ብቻ ፈልግ። የመጀመሪያው፣ ሥራን የሚመለከት የመጀመሪያው ቃል ስንተኛው ሰከንድ ላይ መጣ? ከአሥር ሰከንድ ካለፈ መግቢያህ ረዝሟል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ…» የሚለው ነው። ቆርጠህ ጣለው፤ ገብተህ እጅ ነስተህ «እንደምን አደራችሁ» ካልክ ምስጋናው ደርሷል። ሁለተኛው፣ የዓረፍተ ነገርህን መጨረሻ ስማ። እኛ ሰው ስናከብር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ ዓይናችንንም እንሰብራለን። አማርኛ ላይ ደግሞ ግሱ ያለው መጨረሻ ላይ ነው። «ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ከካርዱ ጋር…» ብለህ «አመሳከርኩ» የምትለዋን ከዋጥካት የሠራኸውን ነገር ነው የዋጥከው። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ኮሚቴው «ምን አለ? ምን አለ?» እየተባባለ ወጣ። ግሷን ከፍ አድርጋት።

አነጋገርህ የጎጃም መሆኑን ግን አታስተካክለው። አዲስ አበባ ሄደህ ብትወዳደርም። ቃላት ስትቀይር ሐሳብህ ይጠፋሃል።

እንግሊዝኛው እንዳያስደነግጥህ። አንዳንድ ኮሚቴ በአማርኛ ጀምሮ «አሁን ይህንኑ በእንግሊዝኛ» ይላል። ሙሉውን ለመተርጎም አትሞክር። ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጅ፤ ምን እንደሆንክ፣ የትኛውን ልዩነት እንዳገኘህ፣ ለምን እዚህ እንደመጣህ። ሠላሳ ሰከንድ ይሁን። አጭርና ትክክል የሆነ እንግሊዝኛ፣ ረጅም ሆኖ መሀል ላይ ከሚሰበረው በብዙ ይሻላል።

ይህ መልስ የማያደርገውን ደግሞ እወቅ። የጽሑፍ ፈተና ካለ ውጤቱን አይሽርልህም። ሥራውን የማትችለው ከሆነም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ቀሪውን ጊዜ በምታውቀው ሜዳ ላይ እንድትጫወት ዕድል ይሰጥሃል።

ስለዚህ የማዝህ ይህን ነው። ዛሬ ማታ አንዱን ታሪክ ምረጥ፤ ሁለት አይሁን። እስከ ቀጠሮህ ቀን በየቀኑ ሦስት ሦስት ጊዜ ቅረጸው። ሁለት ደቂቃ ካለፈብህ ከመካከሉ አትቁረጥ፤ ከመግቢያው ቁረጥ። ከዚያ ሒሳብ የማያውቅ አንድ ሰው ፊት ተናገረው፣ እናትህም ትሁን። ስትጨርስ «ታዲያ ያ ማዳበሪያ የት ሄዶ ነበር?» ብላ ከጠየቀችህ ሠርቷል። «ጎበዝ ልጄ» ብቻ ካለችህ አልሠራም፣ ታሪኩ አልተያዘላትም ማለት ነው፤ እንደገና ንገራት።

እዚያም ተናግረህ ስትጨርስ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ያኔ ነው ብዙው ሰው ደንግጦ «እ… የተወለድኩት እንኳ…» ብሎ የሚጀምረው። ዝም በል። ወረቀትህን እያገላበጡ ነው።